ለወንድሜ ያነሣሁት የማዕድ ፎቶ

ምግብ ፎቶ ማንሣት ሰው ከማንሣት ይከብዳል ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ሰውን «ቀና በል፣ አትንቀሳቀስ» ብትለው ይሰማሃል፤ ወጥ ግን አይሰማም። ከድስት ወጥቶ እንጀራ ላይ ካረፈ ጀምሮ ይቸኩላል። እንፋሎቱ ይጠፋል፣ ቅቤው ይረጋል፣ እንጀራው መረቁን ይጠጣና ቅድም ምራቅ ያስዋጠው ነገር ድፍን ጭቃ ይመስላል። እኔ በሕይወቴ አንድ ማዕድ አሳምሬ አንሥቻለሁ። ባላሳምረው ኖሮ ይሻል ነበር እያልሁ ስንት ዘመን ኖርሁ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከጣሊያኑ ምሽግ ወረድ ብሎ ቤት ከፍቶ የይለፍ ወረቀት ፎቶ ከሚያነሣ አንድ የግሪክ ሰው ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እሱ ያነሣል፤ እኔ በጨለማ ክፍል ፊልሙን አጥባለሁ፣ አትማለሁ፣ በመቀስ እቆርጣለሁ። ከአማኑኤልም ከቁይም የሚመጣ ሰው ያለዚያ ወረቀት ከተማ መግባት ስለማይችል ሁሉም በእኛ እጅ ያልፋል። በርጩማው ላይ ሲቀመጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ገበሬውም ካህኑም ሊገደል እንደ ቀረበ ሰው ያፈጣል። ስለዚህ ሥራዬ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ የፈራ ፊት ማጠብ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ እስረኛ ነበር። የእጅ ጽሑፉ የታወቀ ስለሆነ በየሰፈሩ እየተጠራ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ጫካ ላሉት አርበኞች ጽፈሃል ብለው ወሰዱት። ጽፎ ይሁን ሳይጽፍ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። በካሚዮን ጭነው ወሰዱት፤ ቆይቶ ከባሕር ዳርቻ፣ ስሙን እንኳ አፋችን ከማይለምደው ወህኒ መግባቱን ሰማን። በሦስት በአራት ወር አንዴ፣ ተከፍቶ የተነበበ፣ አንዳንዱ መስመር በጥቁር ቀለም የተሰረዘ ደብዳቤ ይደርሰናል። እኛም እንጽፋለን። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

እሱ በታሰረ በዓመቱ፣ በኅዳር፣ አባታችን በተስቦ ሞተ። ዘጠኝ ቀን ታሞ በዐሥረኛው ቀረ። ከቀብር መልስ ወረቀትና ቀለም አወጣሁ። እናቴ አየችኝና፣

«ምን ልትጽፍ ነው?» አለችኝ።

«ለሱ ነዋ። ማወቅ አለበት።»

«መርዶ በወረቀት? ልጀን ልትገልልኝ ነው? መርዶ ሰው ባለበት ነው የሚረዳ። የሚይዘው ሰው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ባለበት። እዚያ በባዕድ አገር ብቻውን ወረቀት ይዞ ሊቀመጥልህ ነው? ተወው። ሲመጣ ሽማግሌ ይነግረዋል።»

በአገራችን ደንቡ ይህ ነው፤ እናቴ አልፈጠረችውም። የሞት ወሬ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ከቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው። የሚረዳው ሰው ቢወድቅ የሚደግፈው ክንድ ከጎኑ ቆሞ ነው። ስለዚህ ዋሸሁ። «አባትህ ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» ብዬ ጻፍሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፈው ቀድጄ ደግሜ ጻፍሁት፤ በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ግን እንደ ሰላምታ ለመደብኝ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ደብዳቤ መጣ። አስደነገጠን። ወንድሜ እህል አልወርድ ብሎታል። ከእሱ በኋላ ከጎጃም የተያዘ አንድ እስረኛ፣ የማርቆስ ሰው በረሃብ አልቋል፣ ጎተራው ሁሉ ተቃጥሏል ብሎ ነግሮት ኖሯል። «እናንተ ጦማችሁን እያደራችሁ እኔ የሰጡኝን እንዴት ልዋጥ? ደኅና ነን ትሉኛላችሁ፤ ደኅና ነን ማለት የወረቀት ነገር ነው። ወንድሜ ፎቶ ቤት ከሠራ፣ ማዕድ ላይ ሆናችሁ አንሥቶ ይላክልኝ። ግን ለፎቶ ብላችሁ እንዳትደረድሩልኝ። የእናቴን ማዕድ አውቀዋለሁ፤ የተደረደረ ከሆነ በዓይኔ አየዋለሁ። እስክትልኩልኝ ድረስ አልበላም አልልም፤ ግን አልበላልህ ብሎኛል።»

ደብዳቤውን ጮክ ብዬ እያነበብሁ ነበር። የአባቴ እኅት፣ አክስቴ፣ ምላሷ እንደ መርፌ የሆነ ሴት፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቴ ግን አላለቀሰችም።

«ታነሣዋለህ። እንዲያስጎመጅ አድርገህ ታነሣዋለህ። ያየ እንደሆነ እንዲርበው» አለችኝ።

ራበው ማለት ዳነ ማለት ነው፤ ሁላችንም ያኔ ያሰብነው ይህንን ብቻ ነው።

ለግሪኩ አለቃዬ ነገርሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። አሮጌ የምትታጠፍ ካሜራ ነበረችው፤ ሦስት ፎቶ ብቻ የቀረው ጥቅል ፊልም ውስጧ እንዳለ አዋሰኝ። የብልጭታ ዱቄት ለምኜው ግን እንቢ አለ። ቢሰጠኝም ቤት ውስጥ ስለማልጠቀምበት ደግ አደረገ፤ ዱቄቱ ፊት ለፊት ሲነድ ነገሩን ሁሉ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ሰፈሩም ተኩስ መስሎት ይሸሻል።

የመጀመሪያዋን ፎቶ አበላሸኋት። በጾሙ ውስጥ አንድ ቀን ሽሮና ጎመን ቀርቦ ሳለ፣ ብዙ ላሳይ ብዬ ቆሜ፣ ከላይ ወደ ታች አነሣሁ። በጨለማ ክፍል ከጥቅሉ እሷን ብቻ ቆርጬ ሳትማት የወጣውን ለእናቴ ባሳያት ደንግጣ ወደ በሩ ወሰደችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማዕዱ ነዋ።»

«ያቺን የመሰለች ሽሮየን እበት አስመሰልኻትኮ!» አለች።

አክስቴ ደግሞ፣ «እኔንስ አየሽኝ? አፌን ከፍቸ። ልጁ እዚያ ሆኖ ይኼን ቢያይ ለራሱ ሳይሆን ለእኛ ነው የሚያዝን» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባቴ ሞት በኋላ በቤታችን ሳቅ ተሰማ። ተናደድሁ። የሥራዬ ነገር ሆኖ ቶሎ ይነካኛል።

አለቃዬ ፎቶውን አይቶ አልሳቀም። ከላይ ሲታይ ወጥ ቀለም ብቻ ነው፤ ያን ቀለም ደግሞ ፊልሙ አያውቀውም አለኝ። ጎንበስ ብለህ፣ ሊበላ የተቀመጠ ሰው ከሚያይበት ቁመት እይ። ብርሃኑ ከጎን፣ ትንሽም ከኋላ ይምጣ፤ ቅባቱ የሚያበራው፣ እንፋሎቱም የሚታየው ያኔ ነው አለ። የመጨረሻው ምክሩ ደግሞ ይህ ነበር፦ ምግብ የሚያምረው እጅ ሳይገባበት፣ ሊገባበት ሲል ነው፤ ቀድመህም ካነሣህ የገበያ ዕቃ ይመስላል፣ ዘግይተህም ካነሣህ ትርፍራፊ።

ይህ የመጨረሻው ቃል እንደ ጸሎት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ።

በዚያ ዘመን ይመጣልን የነበረው ፊልም ቀይ አያይም። ቀይ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በጨለማ ክፍላችን ቀይ መብራት አብርተን የምንሠራውም ለዚህ ነው፤ ፊልሙ ቀዩን እንደ ጨለማ ስለሚቆጥረው። እንግዲህ ዶሮ ወጥ በዚያ ፊልም ሬንጅ ነው ማለት ነው። አሰብሁበት፤ እንቅልፍም አጣሁበት። በኋላ ግን የእናቴን አሠራር አስታወስሁ። እንቁላሉ ነጭ ነው። አይቡ ነጭ ነው። የነጭ ጤፍ እንጀራችን በራሱ ይበራል። ጥቁሩ መረቅ በነዚህ መካከል ሲተኛ፣ ላዩ ላይ ያለው ቅቤ ከጎን ብርሃን ካገኘ፣ ጥቁርነቱ ጥልቅ መስሎ ሊያስጎመጅ ይችላል። ምንም መደርደር አያስፈልግም፤ እሷ እንደ ልማዷ ታቅርብ፤ እኔ ቦታዬንና ጊዜዬን ልምረጥ።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ እናቴ ከቀሩን ሁለት ዶሮዎች አንዱን አሳረደች። ለፎቶ ተብሎ አልነበረም፤ ለትንሣኤ ያላረድነው በሐዘን ምክንያት ነበርና ለዳግም ትንሣኤ ይሁን ተባለ። በማለዳ ቅዳሴ አስቀድሰን ተመለስን።

ቤታችን ጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ ጭብጦ የሚያክል። ያለው ብርሃን የበሩ ብርሃን ነው። በሩ ደግሞ ስንበላ ይዘጋል፤ ዓይን እንዳይገባብን። የሚበላ ሰው በላተኛ ባልሆነ ዓይን አይታይም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

«በር ከፍቸ አላበላም። አላፊ አግዳሚው በሙሉ እያየን?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ በሩ ከተዘጋ እንኳን ወጡ አንችም አትታይም።»

ተከራከርን። እኔ ጮህሁ፤ እሷ በሩን ልትዘጋ ተነሣች። መላውን ያመጣችው አክስቴ ናት። ንጹሕ ነጭ ነጠላዋን አወለቀችና በበሩ ጉበን ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰቀለችው። «እንግዲህ ማንም አያየን፤ አንተም ብርሃንህን ውሰድ» አለችኝ። ጠዋት ፀሐይ በሩ ላይ ትወድቅ ነበርና ነጠላው ወዲያው በራ። ቅድም እንደ ስለት በወለሉ ላይ ተጋድሞ የነበረው ብርሃን ለስልሶ፣ ተዘርግቶ ሞሰቡ ላይ ደረሰ። ጥላው ሁሉ ጠርዙ ጠፋ። ግሪኩ በፎቶ ቤቱ ጣራ ላይ ወፍራም አቡጀዲ ዘርግቶ የሚያገኘውን ያህል የሚያምር ብርሃን አክስቴ ከዓይን ልትሸሽግ ብላ አመጣችልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የአባቴን ሞት ረስቼ ደስ አለኝ።

ቦታ መረጥሁ። በሩን በግራ፣ ከሞሰቡም ትንሽ ወደ ኋላ የሚያደርግልኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የአባቴ መቀመጫ ነው። ከቤቱ ውስጥ ጥግ፣ ጀርባው ለግድግዳ፣ ገቢውን ሁሉ ማየት እንዲችል የሚቀመጥበት መደብ። ከሞተ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም። ላስፈቅድ እናቴን አየኋት፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ነገሩ በሌላም በኩል ተመቸን። ወንድሜ ፎቶው ላይ አባቱን መፈለጉ አይቀርም። ካሜራው አባቴ መቀመጫ ላይ ከሆነ የሚታዩት ከወዲያ ያሉት ብቻ ናቸው፦ እናቴ ፊት ለፊት፣ አክስቴ በግራ፣ እኅቴ በቀኝ። «ከአባባ ጎን ሆኜ ነው ያነሣሁት» ብዬ እጽፋለሁ፤ አለቀ። እናቴ ሐዘን ልብሷን አውልቃ ነጩን ቀሚስ ለበሰች። የተላጨ ጠጉሯን በሻሽ አሰረች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ሳይሆን እንደ ወትሮው አጣፋች። ስትለብስ እኅቴ ረዳቻት። እንዲህ ሁሉንም ተጠንቅቀን ሸፈንን።

ካሜራዋን ይዞ የሚቆም እግር አልነበረኝም። በርጩማ መደቡ ላይ አስቀምጬ፣ ባቄላ የያዘች ትንሽ አቁማዳ ከላዩ አድርጌ፣ ካሜራዋን እሷ ላይ ቀበርኋት፤ ባቄላው እንደ እጅ አቅፎ ይዟት ቀጥ አለች። ርቀቱን በክንዴ ለካሁ። የፊተኛው እንቁላል እንዲጠራ፣ የእናቴም ፊት እንዳይደበዝዝ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ነበረብኝ። ቀዳዳው ከጠበበ ብርሃኑ ያንሳል፤ ሁለት ሰከንድ ከፍቼ መያዝ አለብኝ። ሁለት ሰከንድ ደግሞ እየበላ ላለ ሰው ረጅም ነው፤ የሚንቀሳቀስ እጅ ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል።

እናቴ ወጡን ከማውጣቷ በፊት፣ «ሁላችንም እጃችንን ሰደን ስንበላ አንሣን። ስንበላ ነው ማየት የፈለገው» አለችኝ።

«ያኔማ እጃችሁ ጢስ ይመስላል፣ ማዕዱም ይፈርሳል። ለኔ ተይልኝ፤ ሥራዬን አውቃለሁ» አልኋት።

እንዲህ አልኋት። ሥራዬን አውቃለሁ።

ወጡ ከነፍላቱ ወጣ። እናቴ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አኖረች፣ አይቡን በየማዕዘኑ አደረገች፣ ብልቱን ከፋፈለች። ፈረሰኛውን፣ የአባወራውን ብልት፣ ካሜራዋ ወዳለችበት፣ ወደ አባቴ በኩል አኖረችው። አስባ ይሁን እጇ ለምዶ አላውቅም። አየሁና «ይኼማ ውሸታችንን ያሟላልናል» ብዬ ተደሰትሁ። እንፋሎቱ ከመረቁ ላይ ተነሥቶ በነጠላው ብርሃን ውስጥ ሲያልፍ ይታያል፤ ከጠቆረው ግድግዳ ፊት ለፊት ነጭ ሆኖ ይጥመለመላል። ቅቤው በእንቁላሎቹ ዙሪያ ያብለጨልጫል። እኔም ራበኝ።

በቤታችን አባቴ ሳይባርክና ሳይቆርስ ማንም እጁን አይሰድም ነበር። አሁን ያ የእናቴ ሆኗል። ጸሎቷን ስትጨርስ ቀኝ እጇን እንጀራው ጠርዝ ላይ አሳረፈች፣ ቆነጠረች፣ «በስመ አብ» ስትልም ለአፍታ ቆመች። አክስቴና እኅቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እሷን ይጠብቃሉ። ማንም አይንቀሳቀስም። ምግቡም ያልተነካ፣ ሊነካ ያለ ነው። ግሪኩ ያለው ጊዜ ይህ ነው። ከፈትሁ፤ አንድ፣ ሁለት፤ ዘጋሁ።

ሌላዋን የቀረችውን ፊልም ለጥንቃቄ ብዬ ከዚያው ደገምኋት፤ እናቴ ግን ቆርሳ ለኔ ልታጎርሰኝ እጇን ዘርግታ ስለነበር ተንቀሳቀሰች። ያቺኛዋ ፎቶ ተበላሸች።

በማግስቱ በቀይ መብራት ሥር ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲንሳፈፍ መጀመሪያ እንቁላሎቹ ታዩኝ፤ ቀጥሎ የእንጀራው ዓይን፤ ቀጥሎ እንፋሎቱ፣ እንደ ስስ ሻሽ። መረቁ ጥቁር ነው፤ ግን ላዩ ያበራል፤ ጣትህን ልትነክር ያምርሃል። አለቃዬ ረጅም ጊዜ ይዞት ቆየና «እኔ አላስተማርሁህም» አለኝ። ቤት ወሰድሁት። ሰፈርተኛው ሁሉ መጥቶ አየ። እናቴም አክስቴም ዐሥር ጊዜ አዩት። ሁላችንም ያየነው ምግቡን ነው።

ላክነው። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። «ፎቶው ደርሶኛል። ማዕዳችሁ ያምራል። እህል መብላት ጀምሬአለሁ፤ አታስቡ። እናቴን ጉንጯን ሳሙልኝ። ለአባቴ እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ» ይላል። እናቴ እልል አለች። «ለአባቴ» ከሚለው ስትደርስ ደግሞ አለቀሰች። ከዚያም በኋላ በየደብዳቤው አባቴን እጅ ይነሣል፤ እኔም በየመልሱ አባቴን ወክዬ እመርቀዋለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም «አባባ ጉልበቱን ትንሽ አመመው፣ አሁን ተሽሎታል» ብዬ ጻፍሁለት። ማብዛቴን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጣሊያን ወጣ። ወንድሜ ከወህኒ የተፈታው ቀድሞ ቢሆንም ማርቆስ የደረሰው ክረምቱ አልፎ ነው። በደንቡ መሠረት ቤት አላስገባነውም፤ ሰው ልከን ከጎረቤት አሳደርነው። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ፤ እናቴና አክስቴ፣ እኅቴና እኔ ከኋላቸው ነን። ሁለት ጎረምሶች እንዳይወድቅ ግራና ቀኙን ቆሙ። አንድ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጀ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር ይወስዳል» ብለው ሲጀምሩ ወንድሜ እጃቸውን ይዞ ሳመ።

«አባቴ፣ አይድከሙ። አውቄአለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ።

እናቴ ዘወር ብላ እኔን አየችኝ፤ በወረቀት የጻፍሁለት መስሏት ነው። ወንድሜ ከደረቱ አንድ የታጠፈ ነገር አወጣ። ፎቶው ነው። እጥፋቱ ነጭ መስመር ሆኗል፤ ጠርዞቹ ተበልተዋል።

«ስትልኩልኝ መጀመሪያ ምግቡን አየሁ» አለ። «ፈረሰኛው በወዲህ በኩል ነው፤ እንግዲያውስ አባባ ካሜራው አጠገብ ተቀምጧል አልሁ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ የእማዬን እጅ አየሁ። እንጀራው ላይ ነው፤ እየቆረሰች ነው። አክስቴም እኅቴም ይጠብቋታል። አባባ ተቀምጦ እማዬ ልትቆርስ? ሌላ ምንም አልፈለግሁም፤ ያን ጊዜ ገባኝ።»

እናቴ፣ «ማን ነበረ አብሮህ?» አለችው። «ማን ያዘህ? ማን አለቀሰልህ?»

ወንድሜ ፎቶውን ማጠፍ ጀመረ። መናገር ያልፈለገ ይመስላል። ቄሱ «ተናገር ልጀ» አሉት።

«አርባ ሰው ነበረን በአንድ ክፍል» አለ። «ፎቶውን እንዳየሁ አንዱ ከእጄ ወሰደው። «ዶሮ ነው!» አለ። ያ ለዚያ፣ ያ ለዚያ አቀባበለው። አንዱ እንቁላሉን ቆጠረ፣ አንዱ አሸተተው፣ አንዱ በጣቱ ከመረቁ ጠቀሰና ላሰ። ከስንት ወር ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «አንተ ዕድለኛ ነህ፤ ቤትህ ጥጋብ ነው፤ አባትህ ይኑርልህ» ይሉኛል። በዚያ መሐል ምን ብየ ላልቅስ? ሳቅሁ እማዬ። አብሬያቸው ሳቅሁ። ደብዳቤውም ላይ አባባን ሰላም ያልሁት፣ አንች፣ አላወቀም ብለሽ እንድታርፊ ብየ ነው።»

«በላህ ወይ?» አለች እናቴ።

«ያንለት ማታ ጀመርሁ። አባባ ከሌለ መመለስ አለብኝ ብየ በላሁ።»

እናቴ ያን እሑድ ጠዋት «ሁላችንም እጃችንን ሰደን ስንበላ» ያለችኝን እንድታነሣብኝ ጠበቅሁ። ብታነሣብኝ፣ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። አላነሣችም። ወንድሜን ራሱን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ «በል አሁን አልቅስ፤ አሁን ሰው አለህ» አለችው። መጀመሪያ አልወጣ አለው። ከዚያ እንደ ልጅ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹም፣ ጎረምሶቹም፣ አክስቴም የአባቴን ስም እየጠሩ ከዐዲስ አለቀሱ።

እኔ ወንድሜ ያቀበለኝን ፎቶ ይዤ ቆሜአለሁ። ላለማየት ሞከርሁ፤ አየሁት። አሁንም ያምር ነበር።